ለልጃችሁ ጌም ከመግዛታችሁ በፊት፦ ለወላጆች ግልጽ ደብዳቤ

ውድ ወላጆች፣

በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ጌም በሚሸጥ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። የፈረንጆች ገና ሲቃረብ ወገኖቻችን ወደ ባንኮኒው ይመጡና ስልካቸውን ያሳዩኛል። ልጁ የጌሙን ስም ጽፎ ልኳል፤ ሲፈልጉት ግን በዚያው ስም ሦስት ዋጋ ይወጣል። አብዛኛው ወላጅ ልጁን ላለማሳዘን ብሎ መካከለኛውን ይመርጣል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው መካከለኛው ብዙ ጊዜ ልጁ የፈለገውን ነገር ስለማይዝ ነው።

ነገሩን በአንድ ጌም ላሳያችሁ። ፎርዛ ሆራይዘን 5 የመኪና እሽቅድምድም ነው፤ በአሜሪካ የዕድሜ ደረጃው «ለሁሉም» የሚል ስለሆነ ብዙ ቤት ይገባል። ለኤክስቦክስና ለኮምፒዩተር የወጣው በኅዳር 2021 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲሆን፣ ያኔ በሦስት ዋጋ ቀረበ፦ ስታንዳርድ 59.99 ዶላር፣ ዴሉክስ 79.99 ዶላር፣ ፕሪሚየም 99.99 ዶላር። ከዚህ በታች የምጠቅሰው ዋጋ ሁሉ ታክስና ቅናሽ ሳይገባበት የነበረው መደበኛ ዋጋ ነው።

ስታንዳርድ የሚባለው ቤዝ ጌሙ ብቻውን ነው። «ብቻውን» ስል ጎዶሎ ማለቴ አይደለም። ሜክሲኮን የሚያሳየው ሰፊ ካርታ፣ ከ500 በላይ መኪኖች፣ ውድድሮቹ በሙሉ እዚያ ውስጥ ናቸው። ልጁ ሌላ ምንም ሳይገዛለት ወራት ሊጫወትበት ይችላል። ጓደኞች «እኛ ያለን አንተ የለህም» ሲሉት የሚሰማው ቅሬታ ይገባኛል፤ ነገር ግን ቤዝ ጌሙን የያዘ ልጅ ጌሙን ይዟል። በኤክስቦክስ ከሌሎች ጋር በኢንተርኔት ለመጫወት የሚከፈለው የአባልነት ክፍያ ግን ለብቻው ነው፤ በ99.99 ዶላሩ ውስጥም የለም። ይህን ቀድማችሁ ካላወቃችሁ ስጦታው በተከፈተበት ማታ ሌላ ክፍያ ይመጣባችኋል።

ኤክስፓንሽን ቤዝ ጌሙ ላይ የሚጨመር አዲስ ይዘት ነው። ለፎርዛ ሁለት ወጥተውለታል። የመጀመሪያው ሆት ዊልስ በሐምሌ 2022 መጣ፤ ከሜክሲኮ ሰማይ በላይ የተዘረጋ አዲስ ካርታ አለው፣ በአሻንጉሊት መኪኖቹ የምናውቃቸው ብርቱካናማ መንገዶች ተጠማዘው ይወጣሉ ይወርዳሉ፣ 10 አዳዲስ መኪኖችም ይጨመራሉ። ሁለተኛው ራሊ አድቬንቸር በመጋቢት 2023 ሌላ ካርታ፣ የኮረኮንች መንገድ ውድድሮችና 10 መኪኖች ይዞ ወጣ። እያንዳንዱ 19.99 ዶላር ነው። ኤክስፓንሽን ከቤዝ ጌሙ ውጭ አይሠራም። ጌሙ የሌለው ልጅ ሆት ዊልስን ብቻ ቢገዛለት አንዲት መኪና እንኳ መንዳት አይችልም። ትናንሽ የመኪና ወይም የልብስ ጥቅሎችም ከእነዚህ ጋር በአንድ ዝርዝር ውስጥ ስለሚታዩ ይምታታሉ። እኔ የምለይበት መንገድ መግለጫው ውስጥ አዲስ ካርታ ወይም አዲስ ታሪክ መኖሩን በማየት ነው፤ ከሌለ ኤክስፓንሽን አይደለም።

ሲዝን ፓስ ደግሞ ወደፊት ለሚወጡ ነገሮች ዛሬ በጅምላ የሚከፈል ገንዘብ ነው። ችግሩ ውስጡ ያለው ነገር ከጌም ጌም መለያየቱ ነው። ለዜልዳ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ የተሸጠው ፓስ 19.99 ዶላር ነበር፤ ጌሙ በመጋቢት 2017 ሲወጣ አብሮ ቀረበ፣ ሁለቱ ትልልቅ ጭማሪዎች የደረሱት ግን አንዱ በሰኔ መጨረሻ፣ ሌላው በታኅሣሥ ነው። እዚያ ፓሱን የገዛ ሁሉንም አገኘ። በፎርዛ ግን ካር ፓስ የሚባለው በየሳምንቱ አንድ አንድ እያለ የተለቀቀ 42 መኪና ብቻ ነው። ለብቻው 29.99 ዶላር ይሸጣል፤ ሆት ዊልስንም ራሊንም አይጨምርም። ስለዚህ «ፓስ አለው» ሲሏችሁ የምን ፓስ እንደሆነ መጠየቅ አለባችሁ። እንደ ፎርትናይት ባሉ ጌሞች ያለው ባትል ፓስ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። እሱ ልጁ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እየተጫወተ ሽልማት የሚያስከፍትበት ነው፤ ሲዝኑ ሲያልቅ ያልተከፈተው ይቀራል፣ ለቀጣዩ ሲዝንም አዲስ ፓስ ይመጣል። ልጆች ሁለቱንም በአንድ አፍ «ፓሱ» ይሏቸዋል።

አሁን ወደ ሦስቱ ዋጋዎች እንመለስ። ልጁ የሚፈልገው ሆት ዊልስን ነው እንበል፤ ከባንኮኒው ማዶ በብዛት የምሰማውም እሱን ነው። ወላጁ ዴሉክስን በ79.99 ዶላር ይገዛል። ዴሉክስ የያዘው ቤዝ ጌሙንና ካር ፓሱን ነው፤ ኤክስፓንሽን የለበትም። ልጁ ቤት ሲደርስ 42 ተጨማሪ መኪና ያገኛል፣ ብርቱካናማው መንገድ ግን ተቆልፎ ይጠብቀዋል። ያው ወላጅ ስታንዳርዱንና ሆት ዊልስን ለየብቻ ቢገዛ ኖሮ 59.99 እና 19.99፣ በድምሩ 79.98 ዶላር ይከፍል ነበር። ከዴሉክሱ በአንድ ሳንቲም አንሶ ልጁ የጠየቀውን ያስገኛል።

ስህተቱን ለማረም የሚደረገው ጥድፊያ ደግሞ ይብሳል። ዴሉክስን ገዝቶ በኋላ ሁለቱንም ኤክስፓንሽን አንድ በአንድ የሚጨምር ሰው 119.97 ዶላር ያወጣል። ፕሪሚየም ግን ከመጀመሪያው 99.99 ነበር፤ በውስጡም ቤዝ ጌሙ፣ ካር ፓሱ፣ ሁለቱ ኤክስፓንሽኖች፣ ቪአይፒ የሚባለው አባልነትና የመጀመሪያ መኪኖች ጥቅል አሉ። ስታንዳርድና ሁለቱ ኤክስፓንሽኖች ለየብቻ 99.97 ስለሚመጡ፣ ሁለቱንም በእርግጥ ለሚፈልግ ልጅ ፕሪሚየሙ ቀሪውን ሁሉ በ2 ሳንቲም ጨመረለት ማለት ነው። ከሦስቱ ጥያቄ የሚያስነሳው መካከለኛው ብቻ ነው፤ መኪና ለሚሰበስብ ልጅ ይሆናል፣ አዲስ ካርታ ለሚፈልግ ልጅ ግን ምንም አይሰጥም።

ታዲያ ፕሪሚየሙን ዝም ብላችሁ ግዙ አልልም። በ2021 ፕሪሚየሙን የገዛ ሰው የመጀመሪያውን ኤክስፓንሽን 8 ወር፣ ሁለተኛውን 16 ወር ጠበቀ። ልጅ በ16 ወር ውስጥ ስንት ጌም እንደሚቀያይር እናንተ ታውቃላችሁ። ቤዝ ጌሙን ገዝቶ፣ ልጁ ከወደደው በኋላ የጭማሪዎቹን ጥቅል በ49.99 ዶላር መጨመር ይቻላል። በድምሩ 109.98 ይሆናል፤ ከፕሪሚየሙ በ10 ዶላር ገደማ ይበልጣል። እኔ ያንን 10 ዶላር እከፍላለሁ። ልጁ በሁለተኛው ወር ጌሙን ቢተወው 40 ዶላር ይድናልና፤ ቆይቶ ሲገዛ ደግሞ ጭማሪዎቹ በቅናሽ የሚገኙበት ጊዜ ብዙ ነው። ፕሪሚየሙ በ2021 የነበረው ሌላ ጥቅም ከኅዳር 9 በፊት 4 ቀን ቀድሞ መጫወት ነበር፤ ጌሙ ከወጣ በኋላ ለሚገዛ ሰው ያ ጥቅም የለም።

የእግር ኳሱ ጌም ከዚህ ስሌት ውጭ ስለሆነ ለብቻው ልንገራችሁ። የEA Sports FC 25 ስታንዳርድ 69.99፣ አልቲሜት ኤዲሽኑ 99.99 ዶላር ነበር። በ30 ዶላሩ ልዩነት ውስጥ ኤክስፓንሽን የሚባል ነገር የለም። ዋናዎቹ እስከ 7 ቀን ቀድሞ መጫወትና 4600 ፖይንት ናቸው። ፖይንቱ አልቲሜት ቲም በሚባለው ክፍል ውስጥ የተጫዋቾች ፓኬት ለመግዛት የሚውል ገንዘብ ነው፤ ከፓኬቱ ማን እንደሚወጣ የሚወስነው ዕጣ ነው። በዚያ የተገነባው ቡድን ወደሚቀጥለው ዓመት ጌም አይሻገርም። ለዚህ ጌም ስታንዳርዱ ይበቃል ብዬ በሙሉ ልብ እመክራለሁ።

ሦስት ቦታ ላይ ደግሞ ገንዘብ ተከፍሎ ነገሩ አልሠራ ሲል አያለሁ። አንደኛው ጌም ፓስ ነው። ይህ በየወሩ እየተከፈለ ብዙ ጌም የሚያስጫውት አባልነት ሲሆን፣ ፎርዛ ሆራይዘን 5 ከወጣበት ቀን ጀምሮ ገብቶበታል። የገባው ግን ቤዝ ጌሙ ነው። ኤክስፓንሽኑን በራሳችሁ ገንዘብ ገዝታችሁ አባልነቱን ብታቋርጡ፣ ኤክስፓንሽኑ የእናንተ እንደሆነ ይቆያል፤ የሚቆምበት ጌም ስለሌለው ግን አይከፈትም። ሁለተኛው ያገለገለ ዲስክ ነው። በሳጥኑ ላይ ዴሉክስ ተብሎ ቢጻፍም ጭማሪው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በወረቀት ላይ በታተመ ኮድ ነው፣ ኮዱም የሚያገለግለው አንዴ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ባለቤት ከተጠቀመበት እናንተ የገዛችሁት ቤዝ ጌሙን ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ መሆን አለበት። ሦስተኛው ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ስጦታ ነው። በፕሌይስቴሽን ጭማሪው ከዲስኩ ጋር አንድ ሪጅን መሆን አለበት፤ አካውንቱ የተከፈተበት አገር ደግሞ ከየትኛው መደብር እንደሚገዛ ይወስናል። አክስት ኮድ ከመላኳ በፊት ልጁ አካውንቱን በየትኛው አገር እንደከፈተው በስልክ ትጠይቅ።

የመግዣው ገጽ ላይ ስትደርሱ ከትልቁ ስዕል አልፋችሁ ወደ ታች ውረዱ። ኤዲሽን ከሆነ በውስጡ ያሉት ነገሮች በዝርዝር ይታያሉ፤ ልጁ የጠየቀውን ስም እዚያ ፈልጉ፣ ከሌለ የለም። Add-on የሚል ካያችሁ ወይም requires the base game የሚል ካነበባችሁ፣ የያዛችሁት ጭማሪ እንጂ ጌሙ አይደለም። ስሙ ላይ Deluxe መኖሩ ብቻውንም አይበቃም፦ ማሪዮ ካርት 8 ዴሉክስ ለኒንቴንዶ ስዊች የተሸጠው ቤዝ ጌም ራሱ ነው፤ 48ቱ ተጨማሪ የመወዳደሪያ መንገዶች የሚገኙበት ፓስ ከእሱ ውጭ 24.99 ዶላር ነው።

የፎርዛን ዴሉክስ አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ፣ ትልቁን የጭማሪዎች ጥቅል አትግዙ፤ በውስጡ ያለውን ካር ፓስ ልጁ ይዞታል። ልጁን የትኛውን ካርታ እንደሚፈልግ ጠይቁትና እሱን ብቻ ጨምሩለት።

ከአክብሮት ጋር፣
የጌም ሱቁ ሠራተኛ