«35 በመቶ ይቆረጣል» የሚለው ፖስት የዘለላት ዓረፍተ ነገር

የተወካዮች ምክር ቤት ሐምሌ 10 ቀን 2017 የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጁን ካጸደቀ በኋላ ቴሌግራም ላይ በብዛት ሲዞር ያየሁት ፖስት አምስት መስመር ብቻ ነበር። እስከ 2,000 ብር ነፃ፣ ከዚያ 15 በመቶ፣ ከዚያ 20፣ 25፣ 30፣ በመጨረሻም «ከ14,000 በላይ 35 በመቶ»። ቁጥሮቹ በሙሉ ትክክል ናቸው። ግን ፖስቱን አንብቦ የራሱን ደመወዝ ያሰላ ሰው ሁሉ የተሳሳተ መልስ ላይ ይደርሳል።

እኔ እንደሚመስለኝ የማሳጠር ትልቁ ችግር ይሄ ነው። ውሸት አይጻፍም፤ እውነቱ ግን በመንገድ ላይ ይወድቃል። ረጅሙን አዋጅ ማንም አያነብም የሚለውን እቀበላለሁ። አምደወርቅ ላይ ሆኖ የሞባይል ዳታ ቆጥቦ የሚጠቀም መምህር የአዋጁን ፒዲኤፍ አውርዶ፣ መግቢያውን፣ ትርጓሜውን፣ የንግድ ገቢውን ሁሉ እንዲያነብ አልጠብቅም። የሚያገኘው ሌላ ሰው ያሳጠረለትን ነው፣ ያውም ብዙ ጊዜ ስክሪንሾት ሆኖ። ስለዚህ ያሳጠረው ሰው የጣለውን ነገር አንባቢው በራሱ ሊያገኘው አይችልም።

እና ምንድነው የተጣለው? አንዲት ዓረፍተ ነገር፦ «መቶኛው የሚሠራው በእርከኑ ውስጥ ባለው ብር ላይ ብቻ ነው።»

በምሳሌ እንየው። መንግሥት ከመስከረም 2018 ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ መነሻ ብሎ ያስታወቀውን 11,500 ብር እንውሰድ። በአጭሩ ፖስት መሠረት ይህ ደመወዝ «ከ10,000 እስከ 14,000፣ 30 በመቶ» ውስጥ ይገባል። ልጁ ስልኩን አውጥቶ 11,500ን በ30 በመቶ ያባዛል፤ 3,450 ብር ግብር! ይደነግጣል፣ ይናደዳል፣ ፖስቱን ለጓደኛው ይልካል።

ትክክለኛው ስሌት ሌላ ነው። የመጀመሪያው 2,000 ብር አይነካም። ከ2,000 እስከ 4,000 ያለው 2,000 ብር በ15 በመቶ 300 ብር ነው። ከ4,000 እስከ 7,000 ያለው 3,000 ብር በ20 በመቶ 600 ብር። ከ7,000 እስከ 10,000 ያለው 3,000 ብር በ25 በመቶ 750 ብር። የቀረችው 1,500 ብር ብቻ ናት 30 በመቶ የምትከፍለው፤ 450 ብር። ድምሩ 2,100 ብር ይመጣል። በ3,450 እና በ2,100 መካከል የ1,350 ብር ልዩነት አለ፣ በየወሩ።

ጉዳቱ በድንጋጤ ብቻ አያበቃም። አንድ መምህር «ደመወዜ ከ14 ሺህ ካለፈ ወደ 35 በመቶ ልገባ ነው፣ እድገቱ ባይመጣ አይሻለኝም?» ብሎ ጠይቆኛል። እሱ ያነበበው ፖስት እንደሚለው ቢሆን ኖሮ ትክክል ነበር። 13,900 በ30 በመቶ ሲቆረጥ 9,730 ብር ይተርፋል፤ 14,100 በ35 በመቶ ሲቆረጥ ግን 9,165። 200 ብር ተጨምሮለት 565 ብር ይከስራል ማለት ነው! በእውነቱ ግን በ13,900 ላይ ግብሩ 2,820 ብር ነው፣ በ14,100 ላይ 2,885። ከ200 ብሩ ጭማሪ 65 ብር ይሄዳል፣ 135 ብር ኪሱ ይገባል። በዚህ አሠራር የደመወዝ ጭማሪ በግብር ምክንያት ኪሳራ አይሆንም። ይህን የሚያስረዳው ደግሞ ያ የተጣለው ዓረፍተ ነገር ነው።

ሁለተኛው የተጣለ ነገር አሮጌው ስሌት ነው። «ነፃው መነሻ 2,000 ብር ሆነ» ሲባል ከ2,000 በላይ የሚያገኝ ሰው «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ያልፈዋል። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 979/2008 ነፃ የነበረው 600 ብር ብቻ ነበር፣ 35 በመቶውም ከ10,900 ብር በላይ ይጀምር ነበር። ያ 11,500 ብር ደመወዝ በአሮጌው ስሌት 2,525 ብር ይቆረጥበት ነበር፤ አሁን 2,100። ስለዚህ ለውጡ 425 ብር ነው። ለአንባቢው ዜናው ይህ ነው፣ የእርከኑ ሰንጠረዥ አይደለም። ከ14,000 በላይ የሚያገኝ ሰው ደግሞ ደመወዙ ምንም ያህል ቢሆን የሚቀንስለት 550 ብር ነው።

ሦስተኛው ቀኑ ነው። አዲሱ ስሌት የሚጀምረው ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ነው። የእንግሊዝኛ ዜና ላይ ይሄው ቀን ጁላይ 8 ተብሎ ይጻፋል። ያን አይቶ «ሐምሌ 8» ብሎ መጻፍ በጣም ቀላል ስህተት ነው። አሳጣሪው ወሩን ሲተረጉም ቀኑንም መቀየር አለበት።

ታዲያ ሳቢም አጭርም፣ ግን ያልጎደለ ፖስት ይቻላል? ይቻላል። እኔ ብጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

«ደመወዝህ 11,500 ብር ነው? ግብርህ ከ2,525 ወደ 2,100 ብር ወርዷል፣ ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ። እስከ 2,000 ብር ነፃ፤ ከዚያ እስከ 4,000፣ 15 በመቶ፤ እስከ 7,000፣ 20፤ እስከ 10,000፣ 25፤ እስከ 14,000፣ 30፤ ከዚያ በላይ 35። ልብ በል፦ መቶኛው በእርከኑ ውስጥ ባለው ብር ላይ ብቻ ነው፣ በሙሉ ደመወዝህ ላይ አይደለም። ጡረታ ለብቻው ይቆረጣል። ምንጭ፦ አዋጅ ቁጥር 1395/2017።»

በስልክ ስክሪን አንድ ጊዜ ይታያል። የጀመረው በምክር ቤቱ ስም ሳይሆን በአንባቢው ደመወዝ ነው፤ ሰውን የሚያስቆመው እሱ ነው። ስለ ንግድ ገቢ ምንም አላለም፣ ምክንያቱም ባለሱቁ የራሱ ፖስት ይገባዋል። ሁለቱን አንድ ላይ መጨመቅ ነው ብዙውን ጊዜ ቁልፉን ዓረፍተ ነገር ከቦታው የሚያስወጣው። የጡረታዋን መስመርም ቦታ ለማትረፍ አልጣልኳትም። እሷ ከሌለች ሰውዬው 11,500 ላይ 2,100 ቀንሶ 9,400 ይጠብቃል። 7 በመቶ ጡረታ፣ ማለትም 805 ብር፣ ሲቀነስ ግን እጁ የሚገባው 8,595 ነው። ያኔ «ፋይናንስ በላኝ» ማለቱ አይቀርም።

ፖስቱ በትክክል ማጠሩን ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። አዋጁን ላላነበበ ሰው ፖስቱን ብቻ ስጠውና «የ15,000 ብር ደመወዝ ግብሩ ስንት ነው?» በለው። 3,200 ካለህ ፖስቱ ሠርቷል። 5,250 ካለህ ቁጥሮቹ ሁሉ ትክክል ቢሆኑም ፖስቱ ተሳስቷል፤ ላይኩና ሼሩ ሺህ ቢሞላም።

ስለዚህ ገጽ ያላችሁ፣ ግሩፕ የምታስተዳድሩ ልጆች፣ ስታሳጥሩ መጀመሪያ መግቢያውን፣ ማዕረጉን፣ «በመሆኑም» እና «እንደሚታወቀው»ን ቁረጡ። «ብቻ»፣ «በላይ ባለው ላይ»፣ «ከዚህ ቀን ጀምሮ» የሚሉትን ግን አትንኩ። ትናንሽ ቃላት ናቸው፣ የሰውዬው ብር ግን ያለው እነሱ ውስጥ ነው።