«የቀረ ስሙ ይለጠፋል» ወይስ «አጥተንሃል»?



ለአርብ ገበያ የፈጅር ጀመዐ ግሩፕ እንዲህ የሚል መልእክት ሊላክ ነው እንበል፦

«ዛሬ ፈጅር ላይ የተገኘነው ስድስት ብቻ ነን። ሌሎቻችሁ አላህን አትፈሩም? ይህ የሙናፊቅ ባህሪ ነው። ከነገ ጀምሮ የቀረ ሰው ስሙ እዚህ ይለጠፋል።»

ጸሐፊው ለዲኑ ተቆርቁሮ እንደሆነ አንጠራጠርም። ፈጅርና ዒሻእ ለሙናፊቆች ከባድ መሆናቸውም በሰሒሕ ሐዲስ የመጣ ነው። ነገር ግን ሐዲሱ ባህሪን ይገልጻል እንጂ በእገሌ ልብ ላይ እንድንፈርድ ሥልጣን አይሰጠንም። ከቀሩት መካከል የታመመ፣ በሽተኛ ሲያስታምም ያደረ፣ ለገበያ በሌሊት የወጣ ነጋዴ ይኖራል። መልእክቱ ሁሉንም በአንድ ስም ጠራቸው። ከዚያ አንዱ የግሩፑን ድምፅ ያጠፋል፣ ሌላው ሹልክ ብሎ ይወጣል። ሦስተኛው ስሙ እንዳይለጠፍ ብሎ ይመጣል፤ ይህ ደግሞ ለሪያእ በር መክፈት ነው።

ዑመር (ረ.ዐ) ያደረጉትን እንይ። ኢማም ማሊክ በሙወጧእ እንደዘገቡት፣ ሱለይማን ኢብኑ አቢ ሐስማን ከሱብሒ ሶላት አጡት። ወደ ገበያ ሲሄዱ እናቱን አሽ‑ሺፋእን አግኝተው ለምን እንደቀረ ጠየቁ። ሌሊቱን ሲሰግድ አድሮ እንቅልፍ እንደጣለው ነገረቻቸው። ዑመርም ሌሊቱን ሙሉ ከመቆም ይልቅ ሱብሒን በጀመዐ መገኘት እንደሚወዱ ተናገሩ። መቅረቱን አስተዋሉ፣ ከመፍረዳቸው በፊት ጠየቁ፣ የጀመዐንም ደረጃ አላሳነሱም።

በዚህ መንገድ መልእክቱ እንዲህ ይሆናል፦

«አሰላሙ ዐለይኩም ወንድሞች። የነገ ፈጅር ኢቃማ ከሌሊቱ 11፡30 ነው ኢንሻአላህ። የጀመዐ ሶላት ለብቻ ከሚሰገደው በ27 ደረጃ እንደሚበልጥ እናስታውስ። ሰሞኑን ያላየናችሁ ናፍቃችሁናል። የታመመ ወይም ችግር የገጠመው ካለ በውስጥ መስመር ይንገረን፣ መጥተን እንጠይቀዋለን። መነሳት የከበደው «ቀስቅሱኝ» ብሎ ይጻፍልን፣ እንደውላለን።»

ቁጥሩ፣ ወቀሳውና ዛቻው ወጡ፤ ሰዓቱ፣ አጅሩና እርዳታው ገቡ። የሚላክበት ጊዜም ይቀየር። ከፈጅር በኋላ ሲላክ ሶላቱ አልፏልና ወቀሳ ብቻ ነው፤ ከዒሻእ በኋላ ሲላክ ግን ሰው ማንቂያውን ሞልቶ ይተኛል።

ይህ ግዴታን ማለሳለስ አይደለም። ያለ ዑዝር መቅረትን ልማድ ያደረገ ወንድም ግልጽ ምክር ያስፈልገዋል። እሱን የሚያውቀው አንድ ሰው ቤቱ ሄዶ ለብቻው ይምከረው፤ ግሩፑ ውስጥ አይደለም። በሱረቱ ኣሊ ዒምራን 159 አላህ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የነገራቸው፣ ልበ ደረቅ ቢሆኑ ኖሮ ሰዎቹ ከዙሪያቸው ይበተኑ እንደነበር ነው። ከእሳቸው ዙሪያ የሚበተን ከሆነ፣ ከእኛ ግሩፕማ እንዴት ይቆያል?