«ለከርሞ ይዙርልህ» የሚለው ከየት መጣ?

በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ ያቀረበ ሰው ክፍያው «ሁለት ፐርሰንት» ተቆርጦ ይደርሰው እንደነበር ያውቃል። ያ የተቆረጠው ግን ቅጣትም አዲስ ግብርም አይደለም። ዓመቱ ሲያልቅ ከሚመጣው ግብር ላይ የሚታሰብ ቅድሚያ ክፍያ ነው። ከግብሩ ከበለጠ ትርፉ የነጋዴው ነው።

አንድ የቡሬ አናጺ በ2017 የግብር ዓመት ለወረዳው ትምህርት ቤቶች የ600,000 ብር ኮምባይን ዴስክ አቀረበ እንበል። ሌላ ሥራ አላገኘም። ከክፍያው 12,000 ብር ተቆረጠበት። እንጨቱ፣ ብረቱ፣ የሠራተኛ ደመወዙና የጭነቱ ኪራይ ወጥቶ በደረሰኝ የተረጋገጠው ትርፉ 60,000 ብር ነው። በዚያ ዓመት ይሠራበት በነበረው ማስከፈያ ግብሩ 20 በመቶ ተሰልቶ 3,630 ሲቀነስ 8,370 ብር ይመጣል። ስለዚህ 3,630 ብር ትርፍ ተቆርጦበታል፤ ይህ ለአናጺ የጣውላ መግዣ ነው።

እዚህ ላይ ነው «ለከርሞ ይዙርልህ» የሚባለው። ከርሞ ጨረታ ላያሸንፍ ይችላል፤ መንገዱ በሚዘጋበት፣ ሥራው በሚቆምበት በዚህ ጊዜ ደግሞ ጨረታው ራሱ መውጣቱ ያጠራጥራል። የማይመጣ ግብር ላይ የሚዞር ገንዘብ ምን ይጠቅመዋል? የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 አንቀጽ 49 የሚለው ሌላ ነው። ትርፉ መጀመሪያ ሌላ የታክስ ዕዳ ካለ ለእሱ ይውላል፤ ቀሪው ማስታወቂያው በቀረበ በ90 ቀን ውስጥ ይመለሳል። ወደሚቀጥለው ዓመት የሚዞረው ግብር ከፋዩ በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ቀኑ ካለፈ ወለድ ይታሰባል። ክልሎችም በዚሁ አምሳል የራሳቸውን ሕግ አውጥተዋል። ታዲያ ባለሙያው ያለ ፊርማ «አዙሬልሃለሁ» ሲል በሰው ገንዘብ እየወሰነ ነው።

አናጺው በዚያ ዓመት የደረጃ «ለ» ግብር ከፋይ ስለነበረ ማስታወቂያውን የሚያቀርበው እስከ ነሐሴ 30 ነበር። የተቆረጠውን ድምር በማስታወቂያው ላይ ያስመዘግባል፣ ተመላሹን በማመልከቻ ይጠይቃል፣ ቅጂው ላይ የመዝገብ ቁጥርና ቀን ያስጽፋል። ዘጠና ቀኑ ተመላሹ የዘገየ መሆን አለመሆኑን የሚያሳየው ያ ቀን ሲኖር ነው።

ብዙው ሰው የሚሸነፈው ግን ከዚያ በፊት፣ በደረሰኙ ላይ ነው። የከፋዩ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ቆርጦ «ደረሰኙን ሰኞ ና ውሰድ» ይላል። ከገጠር ቀበሌ ለመጣ አቅራቢ ያ ሰኞ ሌላ የትራንስፖርት ወጪና ሌላ ስጋት ነው። ያለ ተቀናሽ ደረሰኝ ግን 12,000ው እንደተቆረጠ የሚያስረዳለት ነገር የለም፤ ጭራሽ 8,370ውን እንደገና ክፈል ሊባል ይችላል። ቆርጦ ደረሰኝ የማይሰጥ መሥሪያ ቤት ግዴታውን አልፈጸመም፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን አናጺው ነው። ቼኩና ደረሰኙ በአንድ ቀን፣ በአንድ መስኮት እንዳይወጡ የሚከለክል ሕግ የለም።

በ2017 በወጣው ማሻሻያ ተቀናሹ ወደ 3 በመቶ ከፍ ብሏል። በዚያው የ600,000 ብር ውል ላይ በመንግሥት እጅ የሚቆየው 18,000 ብር ይሆናል ማለት ነው። የመቁረጡ እጅ እንዲህ ከፈጠነ የመመለሱስ ለምን ይዘገያል?