ረጅም ሰው ለምን የተሻለ ደመወዝ ያገኛል?

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የሚኖሩ አንድ እናት የጻፉልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ወንድ ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ያጥራል። ረጅም ሰው ደመወዙም ከፍ ያለ ነው፣ ለአለቅነትም የሚመረጠው እሱ ነው የሚል ጥናት አለ ብለው አስደነገጡኝ። ቁመት ይጨምራል የሚባለውን እንክብል ልግዛለት ወይ?»

እንክብሉን አይግዙ። ጥናቱ ግን አለ፤ ምን እንደሚልና ምን እንደማይል ለይቶ ማወቅ ለሁላችንም ይጠቅማል።

በብዛት የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የጃጅና የኬብል ጥናት ነው። አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ የተሰበሰቡ የአራት ጥናቶችን መረጃ አንድ ላይ መረመሩ። ጾታ፣ ዕድሜና ክብደት ከተስተካከሉ በኋላ፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ የሚረዝም ሰው በዓመት 789 ዶላር ያህል የበለጠ እንደሚያገኝ አሉ። ይህ ግን አማካይ ነው። ሰውን ከሰው በደመወዝ የሚለዩት ነገሮች ብዙ ናቸው፤ የቁመት ድርሻ ከእነሱ መካከል ትንሹ ነው። አጭር ሆኖ ከረጅሙ እጥፍ የሚያገኝ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ሞልቷል።

ገንዘቡ ከየት መጣ? የመጀመሪያው መልስ የተመልካች ዓይን ነው። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት የሥራ መሪን ፎቶ አንዴ ረጅም፣ አንዴ አጭር አስመስለው ለሰዎች አሳዩ። ረጅም መስሎ የታየው ይበልጥ መሪ ይመስላል ተባለ፤ ይህም ከሴት ይልቅ በወንድ ላይ በረታ። እዚህ ላይ የተለካው የተመልካቹ ግምት እንጂ የሰውየው ችሎታ አይደለም። በኅዳር 1956 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ቀብር ላይ የተነሣውን ፎቶ ብዙ አያቶች ያስታውሱታል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከመለሎው ከፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ከደጎል ጎን ቆመዋል፤ የቁመታቸው ልዩነት ዓይን ይስባል። ሁለቱንም የማያውቅ ሰው ፎቶውን አይቶ «መሪው የትኛው ነው?» ቢባል ምናልባት ወደ ረጅሙ ይጠቁም ነበር። ንጉሡ ግን ከአልጋ ወራሽነታቸው ጀምሮ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አገር መርተዋል። እርግጥ ሥልጣኑን በምርጫ ተወዳድረው ስላላገኙት፣ ይህ ምሳሌ ቁመት በምርጫ ዋጋ የለውም ለማለት አይበቃም። የሚያሳየው መሪ መምሰልና መምራት ሁለት ነገር መሆናቸውን ነው።

ሁለተኛው መልስ ወደ ጉርምስና ይወስደናል። ፐርሲኮና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካና የእንግሊዝ ነጭ ወንዶችን መረጃ ሲመረምሩ ያልተጠበቀ ነገር አገኙ። ሁለት ሰዎች ዛሬ እኩል ቁመት ቢኖራቸውም፣ በ16 ዓመቱ ረጅም የነበረው የተሻለ ደመወዝ ያገኛል። ዘግይቶ ያደገው ግን የዛሬው ቁመቱ እምብዛም አልጠቀመውም። አሠሪው የሚያየው የዛሬውን ቁመት ነውና፣ የአለቃ ዓይን ብቻውን ነገሩን አይፈታውም ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ አጭሩ ልጅ ከስፖርትና ከክበባት መራቁን እንደ አንድ ምክንያት አነሡ። አጭር ልጅን በቅጽል ስም እየጠራን ስናሳፍረው ከምን እያራቅነው እንደሆነ እዚህ ላይ ልብ ይሏል።

ሦስተኛው መልስ ከሁሉም ወደ ኋላ ይሄዳል፤ እኔም እንደ ጤና ባለሙያ የሚከብደኝ እሱ ነው። ኬስና ፓክስሰን እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሳዩት፣ ገና በሦስት ዓመታቸው፣ ትምህርት ቤት ሳይገቡ፣ ረጅሞቹ ልጆች በአእምሮ ፈተና በአማካይ ይበልጣሉ። ቁመት አእምሮ ስለሚሰጥ አይደለም። በማህፀንና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያለው ምግብና ጤና አጥንትንም አእምሮንም አብሮ ስለሚገነባ ነው። ያ ጊዜ የተጎዳበት ልጅ ከሁለቱም ይጎድልበታል። እንግዲህ ቁመቱ ምልክት ነው፤ ደመወዙን የሚነካው ከምልክቱ በስተጀርባ ያለው ነገር ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የመጣው ከጓቴማላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1977 በሁለት መንደሮች ላሉ ሕፃናት ፕሮቲን ያለው ገንቢ አጥሚት፣ በሌሎች ሁለት መንደሮች ደግሞ ፕሮቲን የሌለው ቀለል ያለ መጠጥ ይሰጥ ነበር። ልጆቹ አድገው ሥራ ከያዙ በኋላ ተፈልገው ተጠየቁ። አጥሚቱን እስከ ሁለት ዓመታቸው ያገኙት ወንዶች የሰዓት ክፍያቸው በአማካይ 46 በመቶ በልጦ ተገኘ። ከሦስት ዓመት በኋላ የጀመሩት ግን በክፍያ ልዩነት አላሳዩም። ጥናቱ አራት መንደር ብቻ ነው፤ በሴቶች ደመወዝ ላይም ግልጽ ለውጥ አልታየም። ስለዚህ 46ቱን ቁጥር ወደ አገራችን እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። ጊዜውን ግን አመልክቶናል፦ ከእርግዝና እስከ ሁለት ዓመት።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ከግማሽ በላይ የቀነጨሩ ነበሩ። በ2019 ቁጥሩ ወደ 37 በመቶ ወርዷል። የሁለት ዓመት ወንድ ልጅ ቆሞ ሲለካ 81 ሴንቲ ሜትር ካልደረሰ፣ ሴት ልጅ 79 ካልደረሰች፣ ጤና ጣቢያ ወስዶ ማሳየት ያስፈልጋል። የቁመት ነገር በእውነት የሚያሳስበው በዚህ ዕድሜ ነው።

አሁን ወደ 11 ዓመቱ ልጅ እንመለስ። እናቱ እንደጻፉልኝ ዛሬ 134 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አምና በዚህ ጊዜ 129 ነበር። አባቱ 166፣ እናቱ 154 ናቸው። የአባትና የእናት ቁመት ይደመራል፤ ለወንድ 13 ይጨመራል፣ ለሴት 13 ይቀነሳል፤ ከዚያ ለሁለት ይካፈላል። የእሱ 166 ተኩል ይመጣል። ከዚህ ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ቢል የሚጠበቅ ነው። ልጁ በአንድ ዓመት አምስት ሴንቲ ሜትር አድጓል፤ ለዕድሜው ደህና ነው። ከወላጆቹ የወረሰው ቁመት እንጂ መቀንጨር አይመስልም፤ እነዚያ ጥናቶችም በእሱ ላይ የሚፈርዱት ነገር የለም።

ሐኪም ዘንድ የሚያስኬደው ሌላ ነው፦ ጉርምስና ያልጀመረ ልጅ በዓመት አራት ሴንቲ ሜትር እንኳ ካላደገ፣ ወይም ከእኩዮቹ ጋር ይሄድ የነበረው ድንገት ወደ ኋላ ከቀረ። የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ማነስ፣ የአንጀት ሕመም ወይም የዕድገት ሆርሞን እጥረት ሊሆን ይችላል፤ እነዚህ ቀድመው ከታወቁ ይታከማሉ። ለማወቅ በየስድስት ወሩ ይለኩ። ጫማ ይውለቅ፣ ተረከዝ ከግድግዳ ይጠጋ፣ ጠፍጣፋ መጽሐፍ አናት ላይ ይቀመጥ። ሰው ወደ ማታ ትንሽ ስለሚያጥር ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል።

እንክብሉን በተመለከተ፣ ጤናማና ጠግቦ የሚበላ ልጅን ከተፈጥሮው በላይ የሚያስረዝም ቫይታሚን የለም። የአጥንቱ የማደጊያ ጫፍ ከተዘጋ በኋላማ የሚጨምረው ሆርሞንም የለም። ለእንክብል የታሰበው ብር ካለ፣ ቤትዎ ወይም ጎረቤትዎ ነፍሰ ጡር ወይም የሚያጠባ ሰው ካለች ለእሷ ዕንቁላል ይግዙበት። ጥናቶቹን ጠቅልዬ ሳያቸው፣ ገንዘቡ ሥራ የሚሠራው እዚያ ነው።