ቀብድ መጠየቅ ነውር አይደለም

የአበሻ ቀጠሮ እየተባለ የሚቀለደው ቀልድ ለሠርግና ለልደት ሲሆን ያስቃል። የቤት ኪራይ ከፍሎ፣ ወንበር ዘርግቶ፣ ረዳት ቀጥሮ ለሚጠብቅ ባለሱቅ ግን ቀልድ አይደለም። በዚህ እትም ላነሳው የፈለግሁት ቀጠሮ ይዞ ስለሚቀር ደንበኛ ነው። አቋሜንም ከወዲሁ ልናገር፦ ጥፋቱ የደንበኛው ብቻ አይደለም። ግማሹ ቀጠሮውን በቃል ብቻ የያዝነው የእኛ ነው።

ሒሳቡን የምሠራላት አንዲት እህት እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ሁለት ወንበር ያላት የሹሩባ ቤት አላት። አንድ ሹሩባ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ስለዚህ በአንድ ቅዳሜ የምትቀበለው አራት ሰው ብቻ ነው። ዋጋው 160 ዶላር ነው። ወሩ ሲያልቅ ገቢዋ ለምን እንደሚያንስ ጠየቀችኝና ደብተሯን አየን። በስምንት ቅዳሜ ከተያዙት 32 ቀጠሮዎች ሰባቱ ባዶ ቀርተዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኪሳራውን ሰባት ጊዜ 160 ብሎ ሲያሰላ ነው። ሰውየዋ ስትቀር 25 ዶላር የሚያወጣው ዊግ አይባክንም፣ ለሌላ ይሆናል። ኪራዩና የረዳቷ የቀን ክፍያ ግን ሰው መጣም ቀረም ይከፈላል። ስለዚህ እውነተኛው ኪሳራ በአንድ ቀጠሮ 135 ዶላር ነው፤ በሰባቱ 945 ዶላር። ይህን ቁጥር ማወቅ የሚጠቅመው ለንዴት ሳይሆን፣ ችግሩን ለማስቀረት ምን ያህል ጊዜና ገንዘብ ማውጣት እንደሚገባ ስለሚነግረን ነው።

ቀጥሎ ያደረግነው ለሰባቱም ስልክ ደውሎ፣ ያለ ቁጣ፣ ምን እንዳጋጠማቸው መጠየቅ ነበር። ሦስቱ ረስተው ነው። ሁለቱ ሌላ ቤትም ቀጠሮ ይዘው ስለነበር ቀድሞ ወደተመቻቸው ሄደዋል። አንዷ ስልክ አላነሳችም። የቀረችው ግን ጭራሽ አልቀረችም! «በ3 ሰዓት ነይ» ስትባል፣ የአሜሪካን 3 ሰዓት መስሏት ከስድስት ሰዓት በኋላ መጥታ በሩ ላይ ሌላ ደንበኛ አገኘች። ሰዓታችን በስድስት እንደሚለያይ ሁላችንም እናውቃለን፤ ቀጠሮ ስንሰጥ ግን የትኛውን እንደምንናገር አንጠቅስም።

ከዚህ የምንረዳው ሁለት የተለያዩ በሽታዎች እንዳሉና አንድ መድኃኒት ለሁለቱም እንደማይሆን ነው። ለረሳና ሰዓት ለተሳሳተ ሰው ማስታወሻ ይበቃዋል፤ ቀብድ ማስከፈል እሱን መቅጣት ነው። ሁለት ቦታ ቀጠሮ የያዘን ሰው ግን መቶ ማስታወሻ ቢላክለት አይመልሰውም። እሱን የሚያስበው በእጃችን ያለው ቀብዱ ነው።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። ለቅዳሜ ቀጠሮ ሐሙስ ጠዋት አጭር መልእክት በስልክ ይላካል፦ «ቅዳሜ ጠዋት በአበሻ 3 ሰዓት፣ በአሜሪካ 9 ሰዓት ቀጠሮ አለሽ። እመጣለሁ ካልሽ 1፣ አልመጣም ካልሽ 2 ብለሽ መልሽ።» ዋናው ነገር መልስ መጠየቁ ነው። መልስ የማይጠይቅ ማስታወሻ ይነበባል፣ ይረሳል። እስከ ማታ ላልመለሰች ዓርብ ጠዋት ይደወላል። ዓርብ እኩለ ቀን ድረስ ድምፅዋ ካልተሰማ ቦታው ተራ ለሚጠብቅ ሰው ይሰጣል። ለዚህ ደግሞ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ «ክፍት ቦታ ከተገኘ ደውዪልኝ» ያሉ ሰዎች ስም ሊኖር ይገባል። ዓርብ ማታ ለሚመጡት ሰዓቱና አድራሻው እንደገና ይላካል። ቀጠሮ ሲያዝም መልእክት ለመላክ ፈቃድ መጠየቅን አንርሳ።

ቀብዱን 30 ዶላር አደረግነው፤ ከዋጋው አንድ አምስተኛ ያህል ማለት ነው። አምስት ዶላር ቢሆን ማንም አይሳሳለትም፤ ሰማንያ ቢሆን አዲስ ደንበኛ ገና ሳታውቀን ትሸሻለች። ገንዘቡ ከዋጋው ላይ ይታሰባል። እስከ ዓርብ እኩለ ቀን የሰረዘች ሙሉውን ትቀበላለች ወይም ወደ ሌላ ቀን ታዛውራለች። ከዚያ በኋላ የቀረች ታጣዋለች። አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ፦ ቦታውን ለሌላ ሰው ከሰጠን ቀብዱን መመለስ አለብን። አንድን ወንበር ሁለት ጊዜ መሸጥ አይቻልም፤ ስምም ያጠፋል።

ይህን ስነግራት እህታችን «ወንድሜ፣ ሰው ምን ይለኛል?» አለችኝ። እኔ በውጭ አገር ኮሌጅ ሒሳብ ስማር ይሉኝታ በየትኛው ዓምድ እንደሚመዘገብ አላስተማሩኝም። ስለዚህ ተስማማን፤ ቀብዱ ለአዲስ ደንበኞች፣ እንዲሁም ለቅዳሜና ለበዓል ዋዜማ ብቻ ይሁን። ቀርተው የማያውቁ የቆዩ ደንበኞች በማናቸውም ቀን ይለፉ። ደንቡ ግን ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ለአንዷ በይሉኝታ ምረን ለሌላዋ ብንጠይቅ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ላይ ሲገናኙ ወሬው ይደርሳል። የሚያስቀይመው ቀብዱ ሳይሆን ማዳላቱ ነው።

በቀጣዮቹ ስምንት ቅዳሜዎች ደግሞ 32 ቀጠሮ ነበር። አራቱ ማስታወሻው ሲደርሳቸው ሰረዙ፤ ሦስቱን ቦታ ተራ የሚጠብቁ ሞሉት። ሁለቱ ሳይናገሩ ቀሩ። ባዶ የቀረው ሦስት ወንበር ነው፤ 405 ዶላር። ከቀሩት ሁለቱ የተያዘው 60 ዶላር ሲቀነስ 345። ከቀድሞው 945 ጋር ሲተያይ 600 ዶላር ተርፏል። ልብ በሉ፣ ትርፉ የመጣው ከቀብዱ ሳይሆን መሰረዙን ቀድሞ ከማወቅ ነው። በየወሩ ከቀብድ ብዙ ገንዘብ የምታገኙ ከሆነ ሥርዓቱ አልሠራም ማለት ነው።

ስለ መዝገቡ አንድ ቃል። ቀብድ ለብቻው በአንድ ዓምድ ከነስሙና ከነቀኑ ይጻፍ። አብዛኞቻችን ሒሳባችንን ገንዘቡ በገባበት ቀን ስለምንይዝ፣ ከዋጋ ላይ የሚታሰብ ቀብድ በተቀበልንበት ዓመት ገቢ ነው፤ ደንበኛዋ ቀርታ ያጣችውም ያው ገቢ ነው፣ ለግብር ይነገራል። በካርድ የተከፈለን ደንበኛ በባንክ በኩል ሊከራከርበት ስለሚችል፣ ደንቡን መቀበሏን የገለጸችበትን መልእክት አታጥፉ። ብዙዎቹ የካርድ ድርጅቶችም ገንዘቡን ስንመልስ ኮሚሽናቸውን አይመልሱልንም፤ ይህ የእኛ ወጪ ነው።

ታክሲ የምትነዱ ወንድሞችና እህቶች፣ ለእናንተ ማስታወሻው ሙሉ በሙሉ ይሠራል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ በአሜሪካ ጠዋት 4 ሰዓት ኤርፖርት የሚወሰድን ሰው ማታውኑ በሁለቱም ሰዓት አረጋግጡ፣ የበረራ ቁጥሩንም ጠይቁ። በረራው ከተሰረዘ ተሳፋሪው አላጠፋም። ቀብድን በሚመለከት ግን ተጠንቀቁ። በሜትር የሚሠራ ታክሲ ዋጋው በመንግሥት የተወሰነ ስለሆነ፣ ከዚያ ውጭ ከማስከፈላችሁ በፊት ፈቃድ የሰጣችሁን ቢሮ ጠይቁ።

እህታችን አሁን ቅዳሜ ጠዋት በሩን ስትከፍት ማን እንደሚመጣ ታውቃለች። ሐሙስ ጠዋት የምታጠፋው ሩብ ሰዓት ነው። እናንተም በዚህ ሳምንት ያለፉትን ስምንት ቅዳሜዎች ከደብተራችሁ ቁጠሩና የቀሩትን ደውላችሁ ምክንያቱን ጠይቁ። ደብተር ከሌላችሁ ደግሞ ሥራው ከዚያ ይጀምር።