ከፈተናው በኋላ ያለውን ሂሳብ ሠርታችኋል?

ሸጎሌ ካሉ ወጣት የሂሳብ ሠራተኞች ጋር ቡና ስንጠጣ የማይቀር ጥያቄ አለ፤ “ኤሲሲኤ ልጀምር ወይስ ፒኤምፒ?” አብዛኛው ሰው መልሱን የሚፈልገው መመዝገቢያው ስንት ነው ከሚለው ነው። እኔ ግን ከፈተናው በኋላ የሚመጣውን ነው የማየው።

እስቲ በአካውንቲንግ ተመርቃ ሁለት ዓመት የሠራች ልጅ እናስብ። ፒኤምፒ ዲግሪ ካለው ሰው ፕሮጀክት የመራበት የ36 ወር ልምድ እና የ35 ሰዓት ስልጠና ይጠይቃል። የወጪ ሰነድ ስትመዘግብ መክረሟ ፕሮጀክት መምራት ተብሎ አይቆጠርላትም፤ ስለዚህ ገና ነች። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። የ35 ሰዓቱን የስልጠና ወረቀት ይዞ ሲቪው ላይ “ፒኤምፒ” ብሎ ይጽፋል። ወረቀቱ ግን ለፈተናው ለማመልከት የሚያስፈልግ ማሟያ እንጂ ፒኤምፒ አይደለም። ቀጣሪው የፒኤምአይ የኦንላይን መዝገብ ላይ ስም ፈልጎ ማጣራት ይችላል።

ኤሲሲኤን ግን ዛሬ መጀመር ትችላለች። ፈተናዎቹ 13 ናቸው፤ እንደተማረችበት ዩኒቨርሲቲ እስከ 9 ሊቀነሱላት ይችላሉ። ለተቀነሰው ፈተናም ይከፈላል፣ በነጻ አይደለም! የሚፈለገውን የ36 ወር ልምድ ደግሞ እየሠራች ታሟላዋለች። የሚያስቸግሩት የመጨረሻዎቹ አራት ፈተናዎች ናቸው። ከአራቱ የመጀመሪያውን ካለፈች በኋላ በ7 ዓመት ውስጥ ሌሎቹን ካልጨረሰች ያለፈችው ይሰረዝባታል። ስለዚህ ወልዳ፣ ሥራ ቀይራ፣ “ትንሽ ልረፍ” የምትልበት ጊዜ ካለ ወደ አራቱ ከመግባቷ በፊት ቢሆን ይሻላል።

ከዚያ በኋላስ? ሁለቱም ካለፉ በኋላም ያስከፍላሉ። ፒኤምፒ በየ3 ዓመቱ 60 የሙያ ማሻሻያ ነጥብ እና የማደሻ ክፍያ ይፈልጋል፤ ካልታደሰ መጀመሪያ ይታገዳል፣ ከዚያ ይሰረዛል፣ መልሶ ለማግኘትም እንደገና መፈተን ነው። የኤሲሲኤ አባልም በየዓመቱ ይከፍላል። ክፍያው በውጭ ምንዛሬ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት 100 ዶላር 5,700 ብር ገደማ ነበር፤ ከአንድ ወር በኋላ ከ10 ሺህ ብር አልፏል። ደሞዟ ግን በዚያው ልክ አልጨመረም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት መክፈል የሚያዋጣው የቱ ነው? ለሂሳብ ሙያ ሕጉ ራሱ ገበያ ፈጥሯል። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ድርጅቶች ዓለም አቀፉን የሂሳብ ደረጃ እንዲከተሉ ያስገድዳል፤ ኦዲተሮችንም የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ይመዘግባል። ፒኤምፒ እንዲህ ያለ አስገዳጅ ሕግ የለውም፤ ዋጋው ቀጣሪው በሚሰጠው ግምት ይወሰናል። ፕሮጀክት የሚመራ ሰው ደሞዙን የሚያሳድግለት መሥሪያ ቤት ውስጥ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ወደ ሂሳብ ክፍል ሲመለስ ግን ማደሻውን የሚከፍለው ለማይጠቀምበት ነገር ነው።

እኔ ብሆን ያቺን ልጅ ኤሲሲኤን በአንድ ፈተና ብቻ ጀምሪ እላታለሁ። ክፍያውን ከወር ደሞዟ ላይ ስታወጣ ምን ያህል እንደሚከብዳት፣ ከሥራ በኋላስ ምን ያህል ማጥናት እንደምትችል ያኔ ታየዋለች።