ቡና ያለው ሰው ቤታን ይጠንቀቅ

የፈንድ አስተዳዳሪዎችን ለማበላለጥ ገበያው ሁለት የታወቁ ሚዛኖች አሉት። አንደኛውን ጃክ ትሬይነር በ1965፣ ሌላውን ዊሊያም ሻርፕ በ1966 እ.ኤ.አ. አቀረቡልን። ሁለቱም ከስጋት ነፃ ከሚባለው ወለድ በላይ የተገኘውን ትርፍ ይወስዱና በስጋት ያካፍላሉ። የሚለያዩት በአካፋዩ ነው። ሻርፕ የፈንዱን ጠቅላላ መዋዠቅ ይወስዳል፤ ትሬይነር ግን ቤታን ብቻ፣ ማለትም ገበያው በጠቅላላ አንድ እጅ ሲንቀሳቀስ ፈንዱ ስንት እጅ እንደሚከተለው።

ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ይሁኑና፣ የግምጃ ቤት ሰነድ በዓመት 15 በመቶ ይከፍላል እንበል። አስተዳዳሪ «ሀ» 27 በመቶ አተረፈ፤ መዋዠቁ 24 በመቶ፣ ቤታው 0.6 ነው። አስተዳዳሪ «ለ» 25 በመቶ አተረፈ፤ መዋዠቁ 16 በመቶ፣ ቤታው 1 ነው። በሻርፕ «ሀ» 12 ሲካፈል ለ24፣ 0.50 ያገኛል፤ «ለ» 10 ሲካፈል ለ16፣ 0.625 ያገኝና ይበልጣል። በትሬይነር ግን «ሀ» 20፣ «ለ» 10 ብቻ! የመጨረሻው ተማሪ አንደኛ ወጣ ማለት ነው።

ለምን? «ሀ» ገንዘቡን የከመረው በቡና ላኪና አበጣሪ ኩባንያዎች ላይ ነው እንበል። መዋዠቁ ትልቅ ቢሆንም ከጠቅላላው ገበያ ጋር አይሄድም። ትሬይነር ይህንን የግል መዋዠቅ ከቁጥር አያስገባውም፤ ባለሀብቱ ሌላ ቦታ ባለው ንብረት ይጣፋል ብሎ ያምናልና።

እንግዲህ ነጋዴው ነቀምቴ ላይ መጋዘን ያለው፣ ከጊምቢና ከደምቢ ዶሎ ቡና የሚሰበስብ ሰው ቢሆንስ? ሌላው ንብረቱ ራሱ ቡና ነው። የቡና ዋጋ በወደቀ ዓመት መጋዘኑም ፈንዱም አብረው ይወድቃሉ፤ የሚጣፋ ነገር የለም። ለእርሱ የ«ሀ» 20 ነጥብ የወረቀት ጌጥ ነው። የነቀምቴው ሰው «ለ»ን ቢመርጥ እመክራለሁ። ባንክ፣ ኢንሹራንስና ቤት በየዘርፉ ያለው የአዲስ አበባ ባለሀብት ግን ከገንዘቡ ጥቂቱን ለ«ሀ» ቢሰጥ አልቃወመውም።

ሌላም ጉድ አለ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ የተከፈተው ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። በእንዲህ ያለ ወጣት ገበያ አንድ አክሲዮን ለሳምንታት ሳይሸጥ ሊቆይ ይችላል። ያልተሸጠ አክሲዮን ዋጋው አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ገበያውን ያልተከተለ መስሎ ቤታው ዝቅ ይላል፤ አካፋዩ ሲያንስ የትሬይነር ነጥብ ይነፋል። አስተዳዳሪው ጎበዝ ሆኖ ሳይሆን ገዢ ጠፍቶ! የሻርፕም ሚዛን ከዚህ በሽታ ነፃ አይደለም፤ የቆመ ዋጋ መዋዠቅንም ይደብቃል።

ስለዚህ አስተዳዳሪው ነጥቡን ይዞ ሲመጣ ሁለቱንም ቁጥሮች ጠይቁት። ደረጃው ከተገለበጠ፣ ቀጥሎ የምትጠይቁት የያዛቸውን አክሲዮኖች ዝርዝርና እያንዳንዱ ለመጨረሻ ጊዜ የተሸጠበትን ቀን ነው።